የኤክሰጄሲስ ወረቀት እንዴት ይጻፋል? ከኤርምያስ 29፥4-14 ጋር ደረጃ በደረጃ

«ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም።» ኤርምያስ 29፥11። ይህ ጥቅስ በምረቃ ካርድ ላይ አለ፣ በሠርግ መጥሪያ ላይ አለ፣ የፌስቡክ ገጽ ላይም አይጠፋም። ሁሉም ስለሚያውቀው ለኤክሰጄሲስ ወረቀት ቀላል ይመስላል። ከባዱ ግን እንዲህ ያለው ነው። ገና ሳናነበው ትርጉሙን ይዘን እንመጣለን።

ኤክሰጄሲስ የምንባቡን መልእክት ከራሱ ከምንባቡ ማውጣት ነው። ስብከት አይደለም፣ የግል ጥሞናም አይደለም። መምህሩ ወረቀታችሁን ሲያነብ በየገጹ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ስለዚህ ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ዐውዱ፣ ቀጥሎ ቋንቋው፣ መጨረሻ ላይ ትርጓሜው። ከታች ይህንኑ ምንባብ ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሄዳለን።

ምንባቡን መቁረጥ

የመጀመሪያው ሥራ ምንባቡ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ መወሰን ነው። ቁጥር 11 ብቻውን አይበቃም። በዕብራይስጡ «ኪ» በሚል ቃል ይጀምራል፤ እዚህ ቦታ «ምክንያቱም» ማለት ነው። «ምክንያቱም» ብሎ የጀመረ ንግግር ደግሞ ከፊቱ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ወደ ኋላ ስትሄዱ ቁጥር 10ም፣ 9ም፣ 8ም በዚያው ቃል ይጀምራሉ። ሰንሰለቱ እየጎተተ ቁጥር 4 ላይ ያደርሳችኋል። እዚያ «የሠራዊት ጌታ እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» የሚል መክፈቻ አለ። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም በባቢሎን ላሉ ምርኮኞች የላከው ደብዳቤ አካል የሚጀምረው እዚህ ጋር ነው።

መጨረሻውስ? ቁጥር 15 ላይ ጉዳዩ ይቀየራል፤ ምርኮኞቹ «በባቢሎን ነቢያት ተነሥተውልናል» ማለታቸው ይነሣና ሌላ ክርክር ይከፈታል። ቁጥር 14 ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ ስላስማረካቸው ሕዝብ ተናግሮ ይዘጋል። ቁጥር 4 የጀመረውም በዚያው ቃል ነበር። ስለዚህ ምንባባችን 29፥4-14 ነው። ይህን ምክንያት በወረቀቱ ላይ በአንድ አንቀጽ ጻፉት። «ይህን ክፍል የመረጥኩት ስለምወደው ነው» ማለት ግን ምክንያት አይሆንም።

የቤት ሥራው «አንድ ቁጥር ምረጡ» ካለም መላውን ክፍል ታጠናላችሁ፤ ትኩረቱን ብቻ በዚያ ቁጥር ላይ ታደርጋላችሁ። ለአሥር ወይም ለአሥራ ሁለት ገጽ ወረቀት አሥር ቁጥር አካባቢ ልክ ነው። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ከወሰዳችሁ ሁሉንም ትነካካላችሁ እንጂ አንዱንም አትተነትኑም።

የማብራሪያ መጽሐፍ ሳይከፈት ማንበብ

አሁን ምንባቡን በሰፊ መስመር አትማችሁ እስክሪብቶ ያዙ። የማብራሪያ መጻሕፍት ለጊዜው ይቆዩ። አንዴ የሌላ ሰው መልስ ካነበባችሁ የራሳችሁን ጥያቄ መልሳችሁ ማግኘት ይከብዳል።

ምን ትፈልጋላችሁ? የሚደጋገሙ ቃላትን፣ ትእዛዞችን፣ አያያዥ ቃላትን፣ ተናጋሪውንና ተደራሲውን። ሁለት ምሳሌ ላሳያችሁ።

አንደኛው፦ ቁጥር 1 ሕዝቡን ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን የማረከው ናቡከደነፆር ነው ይላል። ቁጥር 4 ላይ ግን እግዚአብሔር «ያስማረክኋቸው» ይላል። ግሱ በዕብራይስጡ ያው ነው፤ ባለቤቱ ተቀይሯል። ተራኪው ንጉሡን ያያል፤ ደብዳቤው ከንጉሡ በስተጀርባ ሌላ እጅ ያያል። ቁጥር 7 እና 14 ላይም ይኸው ይደገማል። ይህ የምንባቡ የጀርባ አጥንት ነው፤ ያለ አንዳች ማብራሪያ መጽሐፍ፣ በእስክሪብቶ ብቻ ይገኛል።

ሁለተኛው፦ ትእዛዞቹን ለይታችሁ ጻፉ። ቤት ሥሩ፣ ተቀመጡ፣ አትክልት ትከሉ፣ ፍሬውን ብሉ፣ አግቡ፣ ውለዱ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ተባዙ፣ የከተማይቱን ሰላም ፈልጉ፣ ጸልዩላት። «ለመመለስ ተዘጋጁ» የሚል አንድም የለም። ቁጥር 11 ላይ ያለው ተስፋ የተሰጠው ለእነዚህ ሰዎች ነው፤ ዕቃ እንዲሸክፉ ሳይሆን መሠረት እንዲቆፍሩ ለታዘዙ ሰዎች።

እዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ አንድ ዕድል አለው። በዘመናዊ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው የተነገረው ለአንድ ሰው ይሁን ለብዙ ከቃሉ መለየት አይችልም። አማርኛችን «ለእናንተ» ብሎ ገላግሎናል፤ ዕብራይስጡም ብዙ ቁጥር ነው። የምረቃ ካርዱ ግን «ለአንተ» እንደሚል አድርገን ነው የምናነበው። ይህን ምልከታ መዝግባችሁ ያዙት፤ ትርጓሜው ላይ ይመጣል።

ታሪካዊው ዐውድ

ብዙ ወረቀት የሚበላሸው እዚህ ጋር ነው። ተማሪው ስለ ባቢሎን መንግሥት አራት ገጽ ይጽፍና ምንባቡ አምስተኛው ገጽ ላይ ይደርሳል። መለኪያው ቀላል ነው። እያንዳንዱን የታሪክ ዓረፍተ ነገር «ይህ የትኛውን ቁጥር ያበራል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው አውጡት።

ለዚህ ምንባብ የሚያስፈልገው ይህ ነው። በ597 ዓመተ ዓለም ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ያዘ። ንጉሥ ኢኮንያንን፣ እናቱን፣ መሳፍንቱንና የእጅ ባለሙያዎቹን ማርኮ ወሰደ፤ ሴዴቅያስን በዙፋኑ አስቀመጠ። ከተማይቱና ቤተ መቅደሱ ግን ገና አልፈረሱም፤ ያ የሆነው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ሲደርስ ምርኮኞቹ ቤታቸው እንዳለ ያውቃሉ። የመመለስ ጉጉቱ የሚገባን ያኔ ነው።

በዚያ ላይ ነቢዩ ሐናንያ አለ። ምዕራፍ 28ን አንብቡ። በቤተ መቅደሱ ቆሞ፣ በሕዝብ ፊት፣ «በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል» አለ። ኤርምያስ በደብዳቤው ሰባ ዓመት ይላል። ሁለት ዓመትና ሰባ ዓመት! ሁለቱም «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ብለው ነው የሚናገሩት። ቁጥር 8 እና 9 «ነቢያቶቻችሁና ምዋርተኞቻችሁ አያታልሉአችሁ» ሲል ነገሩ በአየር ላይ አልተንሳፈፈም፤ ፉክክሩ ጎረቤት ምዕራፍ ላይ አለ። የቅርቡ የመጽሐፍ ዐውድና ታሪካዊው ዐውድ እዚህ ይገናኛሉ።

የጥንታዊ ጽሑፎች ማስረጃ የሚጠቅመውም ከምንባቡ ጋር ሲገጥም ነው። ከደቡብ ኢራቅ እንደመጡ ከሚታመን የሸክላ ጽላቶች መካከል «አል ያሁዱ» የምትባል መንደር የምትጠቀስባቸው አሉ፤ «የይሁዳ ከተማ» እንደማለት ነው። ቀደምቱ ጽላት ከ572 ዓመተ ዓለም ነው። የይሁዳ ሰዎች እዚያ መሬት ሲያርሱ፣ ሲበደሩ፣ ግብር ሲከፍሉ ይታያሉ። ቁጥር 5 «አትክልት ትከሉ» ሲል ከምኞት ያለፈ፣ ሊሠራበት የሚችል ትእዛዝ እንደነበር ያሳያል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ሰባውን ዓመት ግን አትዝለሉት። ዕብራይስጡ ቁጥር 10 ላይ ዓመታቱ «ለባቢሎን» ይሞላሉ ነው የሚለው። የሚቆጠረው የባቢሎን የገዥነት ዘመን ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ከ609፣ የአሦር የመጨረሻ ይዞታ ከወደቀበት፣ እስከ 539፣ ባቢሎን በቂሮስ እጅ እስከ ገባችበት ይቆጥራሉ። ሌሎች ከቤተ መቅደሱ መፍረስ እስከ ዳግም መሠራቱ ይሄዳሉ። ሌሎች ደግሞ ሰባ የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ ማለት ነው፣ ክብ ቁጥር ነው ይላሉ። የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ነገር አይቀየርም፦ ደብዳቤው ሲነበብ ከሰሙት አዋቂዎች አብዛኞቹ መመለሱን በዓይናቸው አያዩም። ቁጥር 6 ስለ ልጅ ልጆች የሚያወራው ለዚህ ነው።

ቋንቋው፦ ሁለት ወይም ሦስት ቃል ብቻ

ዕብራይስጥ የማትችሉ ከሆነ አትደንግጡ። ዕብራይስጡን ከትርጉሙ ጋር ቃል በቃል ጎን ለጎን የሚያሳዩ ነጻ ድረ ገጾች አሉ። በ STEP Bible ላይ ምንባቡን ከፍታችሁ ቃሉን ስትነኩ መሠረታዊው ቃልና የሚገኝባቸው ቦታዎች ይመጡላችኋል። ለእያንዳንዱ የዕብራይስጥ ቃል በተሰጠው የስትሮንግ ቁጥር የምትሄዱ ከሆነ «ሻሎም» H7965 ነው። ነገር ግን ከመሣሪያው የምታገኙት የቃሉን አድራሻ ብቻ ነው፤ ትርጉሙን የሚወስነው አረፍተ ነገሩ ነው።

ቃል ስትመርጡ ምንባቡ የተንጠለጠለበትን ምረጡ። እዚህ ግልጹ «ሻሎም» ነው። የተለመደው ስህተት መዝገበ ቃላት ከፍቶ «ሰላም፣ ጤና፣ ብልጽግና፣ ሙላት፣ ደኅንነት» ብሎ ደርድሮ ሁሉንም ቁጥር 11 ላይ ማፍሰስ ነው። በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ቃል ያለውን ትርጉም ሁሉ ተሸክሞ አይመጣም። «ልብ» የሚለውን ቃላችንን አስቡት፤ «ልብ አድርግ» ስንል የደም ዝውውር አናስብም።

ትክክለኛው መንገድ ከቅርብ ወደ ሩቅ መሄድ ነው። መጀመሪያ በራሱ በደብዳቤው ውስጥ። ሻሎም ቁጥር 7 ላይ ሦስት ጊዜ መጥቷል፦ የከተማይቱን ሰላም ፈልጉ፣ በእርስዋ ሰላም እናንተ ሰላም ታገኛላችሁና። ከተማይቱ የማረካቸው ጠላት ከተማ ናት። ስለዚህ ቁጥር 11 «የሰላም አሳብ» ሲል ቃሉ አስቀድሞ ቀለም ተቀብቷል፤ ከባቢሎን መሸሽ ሳይሆን በባቢሎን ውስጥ የሚጀምር ሰላም ነው። ከዚያ በመላው መጽሐፈ ኤርምያስ። 6፥14 እና 8፥11 ላይ ሐሰተኞቹ ሰላም ሳይኖር «ሰላም፣ ሰላም» ይላሉ። 28፥9 ላይ ኤርምያስ ሐናንያን ሲሞግት ስለ ሰላም የሚተነብይ ነቢይ ቃሉ ሲፈጸም ይታወቃል ይላል። ሻሎም እንግዲህ የተከራከሩበት ቃል ነው። ኤርምያስ ቃሉን ለተቀናቃኞቹ አልተወላቸውም፤ ከዕድሜ ልክ ጥበቃ ጋር አስሮ መለሰው።

ሁለተኛው «አሳብ» የሚለው ነው፣ በዕብራይስጡ «ማሐሻቫ»። 18፥11 ላይ እግዚአብሔር በዚያው ቃል በይሁዳ ላይ አሳብ እንደሚያስብ ይናገራል፤ እዚያ ከ«ክፉ» ጋር ነው የሚሄደው። 29፥11 ላይ ሁለቱ ቃላት እንደገና ይገናኛሉና «የክፉ አይደለም» ይባላል። ፍርዱ እንዳልነበረ አልተደረገም፤ ከፍርዱ በኋላ ሌላ አሳብ መጣ። ይህን ሁለት ጥቅስ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከገጽ ሙሉ የመዝገበ ቃላት ዝርዝር ይበልጣል።

ሦስተኛው ከቃል ይልቅ ግንኙነት ነው። ቁጥር 7 «ፈልጉ» እና «ጸልዩ» ይላል፤ ቁጥር 12 እና 13 ላይ ሁለቱም ግሦች ተመልሰው ይመጣሉ። ያኔ የሚፈለገው የከተማይቱ ሰላም፣ አሁን እግዚአብሔር ራሱ። አማርኛው ላይም ይታያል፤ ዕብራይስጡ ደግሞ የግሦቹ ሥር አንድ መሆኑን ያረጋግጣል።

ከጥንታዊ ቅጂዎች ጋር ማነጻጸር የሚጠይቅ መምህር ካላችሁ፣ ሰብዓ ሊቃናት የሚባለውን የግሪክ ትርጉም ተመልከቱ። እዚያ ምዕራፉ 36 ነው፤ ምዕራፍ 29ን ስትከፍቱ ሌላ ነገር ብታገኙ አትገረሙ። የግሪኩ ኤርምያስ ከዕብራይስጡ ያጥራል። በዚህ ክፍል «ፍጻሜና ተስፋ» የሚለው የለውም፣ የቁጥር 14ም አብዛኛው የለም። የግዕዙ ብሉይ ኪዳን በዋናነት ከግሪኩ ስለተተረጎመ ከግዕዝ የምትሠሩ ሰዎች ይህን ልዩነት ማንሣት አለባችሁ። ልዩነቱን ጠቅሳችሁ በየትኛው ንባብ እንደምትሠሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩና እለፉ።

ወደ ትርጓሜው

እስካሁን የሰበሰባችሁትን አስቀምጣችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የወረቀቱ መከራከሪያ እሱ ነው። «ይህ ጽሑፍ ስለ ኤርምያስ 29 ይዳስሳል» መከራከሪያ አይባልም፤ ማንም አይቃወመውምና። እንዲህ ያለው ግን ይሆናል፦ «በኤርምያስ 29፥4-14 የሰላም አሳብ የተባለው፣ ፈጥኖ የመመለስን ተስፋ ለሚያራግቡ ነቢያት መልስ ሆኖ፣ ለማኅበረሰቡ የተሰጠና በምርኮው ምድር በመኖርና በመጸለይ የሚጠበቅ የመመለስ ተስፋ ነው።» ይህን ሰው ሊቃወመው ይችላል። ከቁጥር 4 እስከ 14 ያለው ሁሉ ደግሞ ሊመሰክርለት ይጠራል።

አሁን የማብራሪያ መጻሕፍቱን ክፈቱ። የተለያየ ወገን ያላቸውን ሦስት አራት ምረጡ፤ የሚስማሙበትን ሳይሆን የሚለያዩበትን ፈልጉ። እዚህ ላይ ከአንድምታ ትርጓሜ ጋር ያደገ ተማሪ አንድ ልዩነት ማወቅ ይገባዋል። የአንድምታ ሊቃውንት «አንድም» እያሉ የተለያዩ ትርጓሜዎችን ጎን ለጎን ያቆያሉ፤ ያ ሀብት ነው። የኤክሰጄሲስ ወረቀት ግን አማራጮቹን ካስቀመጠ በኋላ «ለዚህ ምንባብ ይኼኛው ይበልጥ ይስማማል፣ ምክንያቱም» ማለት አለበት። ሳትመርጡ ከዘጋችሁ ነጥብ ይቀነሳል።

በእኛ ምንባብ ላይ ዋናዎቹ ሁለት ጫፎች ናቸው። አንደኛው ቁጥር 11 ለእያንዳንዱ አማኝ የተሰጠ የስኬት ቃል ኪዳን ነው ይላል። ይህን «ለእናንተ» የሚለው ብዙ ቁጥር፣ ሰባው ዓመትና ቁጥር 10 ይቃወሙታል፤ ብዙዎቹ ሰሚዎች ሳያዩት ሞተዋል። ሌላው ጫፍ ነገሩ ያለፈ ታሪክ ነው፣ ለኛ ምንም አይልም ይላል። ይህን የሚቃወመው ራሱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ዳንኤል 9፥2 ላይ ዳንኤል የኤርምያስን ሰባ ዓመት ያነብባል፣ ወዲያውም ፊቱን ወደ ጸሎትና ወደ ኑዛዜ ያቀናል። ማለትም ቁጥር 12 እና 13ን እያደረገ ነው። ቃሉን የራሱ አደረገው፤ ግን እንደ ማኅበረሰቡ አባል፣ «ኃጢአት ሠርተናል» እያለ። አንድ ምንባብ ከጥንቱ ወደ ኋለኛው አንባቢ እንዴት እንደሚሻገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አግባቡን፣ ማለትም ምንባቡ ለዛሬ አንባቢ የሚለውን፣ ስትጽፉም በዚያው መንገድ ሂዱ። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ «የከተማይቱን ሰላም ፈልጉ» ሲባል ልቡ ይነካል። ተገቢ ነው። ወረቀቱ ግን ልዩነቱንም መናገር አለበት፦ እርሱ በፍርድ የተማረከ አይደለም፣ ቀነ ገደብ ያለው የመመለስ ተስፋም አልተሰጠውም። የሚያመሳስለው በባዕድ ከተማ መኖሩና ለዚያች ከተማ ደኅንነት እንዲጸልይ መታዘዙ ነው። መመሳሰሉ እስከየት እንደሚሄድ ካላሰመራችሁ ትርጓሜው ወደ ምረቃ ካርዱ ይመለሳል።

ጽሑፉን ማቀናበር

የሠራችሁበት ቅደም ተከተል የወረቀቱም ቅደም ተከተል ይሁን፤ መከራከሪያው ብቻ ወደ መግቢያው ይምጣ። መግቢያ ግማሽ ገጽ፣ ዐውዱ ሁለት ገጽ፣ ከቁጥር 4 እስከ 14 ያለው ትንታኔ አምስት ወይም ስድስት ገጽ፣ ትርጓሜና አግባብ ሁለት ገጽ። ትንታኔው ከግማሽ በታች ከሆነ ሚዛኑ ተዛብቷል።

አንቀጽ በአንቀጽ ልዩነቱን ለማየት እነዚህን ሁለቱን አወዳድሩ። ደካማው፦ «ሻሎም ማለት ሰላምና ብልጽግና ነው። እግዚአብሔር ለሕዝቡ ብልጽግናን ያስባል። ስለዚህ መፍራት የለብንም።» ጠንካራው፦ «በቁጥር 11 ያለው ሻሎም በቁጥር 7 ከከተማይቱ ሻሎም ጋር ታስሯል። ቁጥር 10 ደግሞ ፍጻሜውን ከሰባ ዓመት በኋላ ያደርገዋል። ስለዚህ ቃሉ እዚህ ፈጣን ማምለጥን ሳይሆን በምርኮ ውስጥ የሚጀምርና በመመለስ የሚሞላ ደኅንነትን ያመለክታል።» ሁለተኛው ውስጥ እያንዳንዱ አረፍተ ነገር የሚቆምበት ቁጥር አለው።

ረቂቁ ሲያልቅ ቀለም ያለው እስክሪብቶ ይዛችሁ ይህንኑ ፈትሹ። ትርጓሜ የያዘ አረፍተ ነገር ሁሉ ከአጠገቡ የምንባቡ ቁጥር፣ የቃል ማስረጃ ወይም የግርጌ ማስታወሻ አለው? የሌለውን አስምሩበት። የተሰመረበት አረፍተ ነገር ሦስት ዕጣ አለው፦ ማስረጃ ይፈለግለት፣ ወደ አግባብ ክፍሉ ይዛወር፣ ወይም ይሰረዝ። ከማብራሪያ መጽሐፍ የወሰዳችሁት ሐሳብ በራሳችሁ ቃል ቢጻፍም የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል። ጥቅስ የወሰዳችሁበት የመጽሐፍ ቅዱስ እትምም መጀመሪያው ማስታወሻ ላይ ይጠቀስ፤ ለምሳሌ የ1954 ዓ.ም. እትም። ትርጉም ከቀያየራችሁ በየቦታው ተናገሩ፤ ለመከራከሪያችሁ የሚመቸውን እየመረጣችሁ እንዳልሆነ አንባቢው የሚያውቀው በዚህ ነው።